ሎጎው ከመዝለሉ በፊት

የፒክሳርን ፊልም ያየ ሰው መግቢያው ላይ የምትመጣውን ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ያስታውሳታል። እየነጠረች ትመጣለች፣ ከስሙ ፊደላት መካከል «I» የሚለው ላይ ትወጣለች፣ እላዩ ላይ እየዘለለች መሬት እስኪነካ ትደፈጥጠዋለች፣ ከዚያ ዞር ብላ ወደ እኛ ታያለች። ይህን ቁራጭ በየፍሬሙ እያቆመ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። መብራቷ ዝም ብላ አትዘልም። ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ቁልቁል ትሰበሰባለች፣ ለአፍታ ትቆያለች፣ ከዚያ ትወነጨፋለች። ሥጋና አጥንት የሌላትን ብረት ሕይወት ያላት የሚያስመስላት ይህ ቁልቁል መሰብሰብ ነው።

ነገሩ በኮምፒውተር አልተጀመረም። የዲዝኒ ሠዓሊዎች በእጃቸው ሲሥሉ ያዳበሩት ስልት ነው። ከመካከላቸው ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የሙያቸውን መሠረቶች በአሥራ ሁለት ከፍለው አስቀመጧቸው። ሁለቱ እዚህ ያስፈልጉናል። አንዱ ከድርጊት በፊት የሚመጣው ዝግጅት ነው፤ አኒሜተሮች አንቲሲፔሽን ይሉታል። ሌላው ማንኛውም ነገር ሲነሳ ቀስ ብሎ፣ ሲያርፍም ቀስ ብሎ መሆኑ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ኢዚንግ የሚለው ይህንን ነው። የፒክሳሩ ጆን ላሴተር የመብራቷን አጭር ፊልም በ1986 ከሠራ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህ የእጅ ሥዕል መሠረቶች በኮምፒውተር ሥራም እንዴት እንደሚገቡ አሳየ።

ዛሬ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የዩቲዩብ ቻናል፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ሎጎውን በእንቅስቃሴ ማስገባት ይፈልጋል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በአፍተር ኢፌክትስ ይሠራል። ሶፍትዌሩ ባዶ ብልጭታ፣ ጭስና ፍንዳታ በብዛት ይሰጣል፤ ብዙዎቻችን የምናያቸው መግቢያዎችም በዚያ የተሞሉ ናቸው። እኔ ግን ጭሱ ሁሉ ተነሥቶ አንድ ክብ ነገር ብቻ ቢቀር፣ ያ ክብ በደንብ መግባቱን ወይም አለመግባቱን ነው የማየው። መልሱ ያለው በአንድ የተጠማዘዘ መስመር ውስጥ ነው።

መስመሩን ለመረዳት ከኪፍሬም እንነሣ። ኪፍሬም ማለት «በዚህ ሰዓት እዚህ ሁን» የሚል ትእዛዝ ነው። አንዱን መጀመሪያ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ ታስቀምጣለህ፤ በመካከል ያለውን ሶፍትዌሩ ራሱ ይሞላዋል። ካልነገርከው በስተቀር በእኩል ፍጥነት ይሞላዋል። ሎጎው በ20 ፍሬም 500 ፒክስል መሄድ ካለበት፣ በየፍሬሙ 25 ፒክስል ይሄዳል። ከቆመበት በመጀመሪያው ፍሬም 25፣ ሊቆም ሲልም በመጨረሻው ፍሬም 25። በዓለም ላይ እንዲህ የሚነሳና የሚቆም ነገር የለም፤ ስለዚህ ዓይናችን ወዲያው «ይህ ማሽን ነው» ይላል።

ሁለቱን ኪፍሬሞች መርጦ F9 መጫን የተለመደው መፍትሔ ነው። ስሙ Easy Ease ይባላል። አሁን ያው 500 ፒክስል በያው 20 ፍሬም ይሄዳል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ፍሬም የሚራመደው ከ4 ፒክስል ያነሰ ነው። በአምስተኛው ፍሬም በእኩል ፍጥነት ቢሆን 125 ላይ ይደርስ የነበረው፣ አሁን 78 ላይ ነው። መካከል ላይ ይፈጥንና በፍሬም 37 ፒክስል ገደማ ይሸፍናል፤ ከዚያ በመጣበት አኳኋን እየቀዘቀዘ ያርፋል። መንገዱም ሰዓቱም አልተለወጠም። የተለወጠው ርምጃዎቹ የተከፋፈሉበት መንገድ ብቻ ነው። አፍተር ኢፌክትስ የእንቅስቃሴውን መንገድ በማያ ገጹ ላይ በነጥቦች ስለሚያሳይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ፍሬም ናት። ነጥቦቹ ተጠጋግተው ካየሃቸው ነገሩ እዚያ ዘገምተኛ ነው፤ ተራርቀው ካየሃቸው ፈጣን ነው።

ግን ኢዚ ኢዝ ራሱ ችግር አለው። መነሻውና ማረፊያው ፍጹም ተመሳሳይ ናቸው፤ የሁሉም ሰው ሥራም ይህንኑ ስለሚጠቀም አንድ ዓይነት ይሆናል። ወደ ማያ ገጹ የሚገባ ሎጎ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ መግባትና ተረጋግቶ ማረፍ ነው የሚያምርበት። እዚህ ላይ ነው Graph Editor የሚባለውን መስኮት መክፈት የሚያስፈልገው። እዚያ እያንዳንዱ ኪፍሬም እጀታ የመሰለ ነገር አለው፤ እጀታውን ስትስበው መስመሩ ይጎብጣል። የእጀታው ርዝመት Influence በሚባል በመቶኛ ይለካል፤ ኢዚ ኢዝ በሁለቱም በኩል 33 ከመቶ ገደማ ይሰጠዋል። የመነሻውን ወደ 10 አሳጥረህ የማረፊያውን ወደ 90 ብታስረዝም፣ ሎጎው ገና በአራተኛው ፍሬም የመንገዱን ግማሽ ጨርሶ ቀሪውን 250 ፒክስል በ16 ፍሬም እያዘገመ ይሄዳል። ተመልካቹ «ዘው አለና ተቀመጠ» የሚለው ይህንን ነው።

እነዚህን እጀታ ያላቸውን መስመሮች የአኒሜሽን ሰው አልፈጠራቸውም። የመኪና ቆዳ እንዴት እንደሚጎብጥ በሒሳብ ለመግለጽ ሲሉ በሬኖ ፋብሪካ ፒየር ቤዚየር፣ በሲትሮየን ደግሞ ፖል ደ ካስተልዦ ለየብቻቸው የደረሱበት ነው። ካስተልዦ ቀድሞ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ምስጢር አድርጎ ስለያዘው ስሙ ለቤዚየር ቀረ።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። የገና ተጫዋች ዱላውን ወደኋላ ሳይወስድ ጥንጓን አይመታም፤ ቆሞ የሚያየውም ሰው ዱላው ወደኋላ ሲሄድ ባየ ጊዜ ምት እንደሚመጣ አውቆ ዓይኑን ያዘጋጃል። ዝግጅት እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለነገሩ ጉልበት ያበድረዋል፣ ለተመልካቹ ደግሞ ወዴት ማየት እንዳለበት ይነግረዋል። ሁለተኛው በሎጎ ሥራ ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሎጎው ዋና ዝላይ አንዳንዴ ስድስት ፍሬም ብቻ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሠራበት ቴሌቪዥን ይህ ከሩብ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ዓይን ሌላ ቦታ ከነበረ ሁሉም ነገር አልፎ ነው የሚደርሰው።

በመስመሩ ላይ ካየነው ዝግጅት የተለየ ነገር አይደለም። መስመሩ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከመነሻው በታች ትንሽ ይጠልቃል፤ ያ ነው ዝግጅቱ። ጫፍ ላይ ሲደርስም ከ100 ትንሽ አልፎ ከተመለሰ፣ ያ ደግሞ ሠሪዎች ኦቨርሹት የሚሉት መዝለቅ ነው። መጥለቁ፣ መውጣቱ፣ መዝለቁና መርጋቱ አንድ መስመር ናቸው፤ አንዱን ስትነካ ሌላውም መነካት አለበት። ትንሽ ተዘጋጅቶ በጣም የሚዘልቅ ነገር ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ ብዙ ተዘጋጅቶ ዝም ብሎ የሚቆም ደግሞ ቃሉን ያልጠበቀ ይመስላል።

በሎጎ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። መብራቷ አስቀድማ ስላለች ቁልቁል መሰብሰብ ትችላለች። ሎጎው ግን ገና አልመጣም፤ ከዜሮ የሚያድግ ነገር ከዜሮ በታች ሊያንስ አይችልም። ብዙ ጀማሪዎች ዝግጅቱን ሎጎው ገና እየደመቀ ባለበት፣ ማለትም ግልጽነቱ ከዜሮ ወደ መቶ እየወጣ ሳለ ያስቀምጡታል። ኪፍሬሙ በጊዜ መስመሩ ላይ አለ፣ ማያ ገጹ ላይ ግን ማንም አያየውም። መፍትሔው ዝግጅቱን የሚሸከም ነገር አስቀድሞ ማስገባት ነው፦ አንዲት ነጥብ፣ አንድ መስመር፣ ከሎጎው የተቆረጠ አንድ ክፍል።

ለማሳያ አንድ ሎጎ እንሥራ። ቡናማ ክብ ነው፣ በመካከሉ ነጭ ጀበና አለ፣ ከሥሩ «ጀበና» የሚል ጽሑፍ አለው። ማያ ገጹ 1920 በ1080፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ርዝመቱ አራት ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 100 ፍሬም አለን። ክቡ ሙሉ መጠኑ ላይ ሲደርስ ስፋቱ 400 ፒክስል ነው።

የመጀመሪያዎቹን 10 ፍሬሞች ባዶ እንተዋቸው። ከዚያ እስከ 14ኛው ፍሬም ክቡ 15 ከመቶ መጠን ሆኖ ይመጣል፤ ያ 60 ፒክስል የምትሰፋ ነጥብ ናት። ጀበናውን ለጊዜው ደብቀነዋል። ነጥቧ እስከ 18ኛው ፍሬም ዝም ትላለች፤ ዓይን ይዟታል። ከ18 እስከ 24 ባለው ከ15 ወደ 9 ከመቶ ትሰበሰባለች። ዝግጅቱ ይህ ነው። ሁለት ፍሬም እንደተሰበሰበች ትቆያለች፤ እስትንፋስ የሚያዝባት ቦታ ናት። ከ26 እስከ 32 ባሉት ስድስት ፍሬሞች ከ9 ወደ 110 ትፈነዳለች፣ ጀበናውም በዚሁ መካከል ይገለጣል። ከ110 ወደ 97 በስምንት ፍሬም ትመለሳለች፣ ከዚያ በስድስት ፍሬም 100 ላይ ትረጋለች።

እዚህ የመጠን ቁጥር የሚያታልልበት ቦታ አለ። ክቡ ከ9 ወደ 110 በእኩል ርምጃ ቢያድግ በየፍሬሙ 17 ገደማ ይጨምራል። በመጀመሪያው ፍሬም ግን 9 የነበረው ወደ 26 ሲሆን መጠኑ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በመጨረሻው ፍሬም 93 የነበረው 110 ሲሆን የጨመረው 18 ከመቶ ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው እጥፉን ስለሆነ፣ እኩል ርምጃ እንኳ መጀመሪያ ላይ እንደ ፍንዳታ ይታያል። በዚህ ምክንያት ከቦታ ቦታ ለሚሄድ ነገር የመነሻውን እጀታ ወደ 10 ብናሳጥርም ለሚያድግ ነገር ግን ትንሽ ማስረዘም ይሻላል። በ26ኛው ፍሬም የመውጫውን 40፣ በ32ኛው የመግቢያውን 70 አድርጉት። በሦስተኛው ፍሬም ክቡ 80 ከመቶ ገደማ ላይ ይደርሳል፣ በቀሩት ሦስት ፍሬሞች ወደ ጫፉ ይለሰልሳል። ከዚህ በላይ በእጀታው መጨነቅ ትርፍ የለውም፤ ስድስት ፍሬም ውስጥ መስመሩ የሚታየው በስድስት ነጥብ ብቻ ነው፣ በነጥቦቹ መካከል ያለው ጠመዝማዛ የትም አይደርስም። የሶፍትዌሩን የእንቅስቃሴ ብዥታ ማብራት ግን ይረዳል፤ በትልልቆቹ ርምጃዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍነዋል።

ጽሑፉ ክቡ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በ34ኛው ፍሬም ይጀምራል። ክቡ ገና እየረጋ ነው፤ ሁለቱ መደራረባቸው ሆን ተብሎ ነው፣ አንዱ ጨርሶ ሌላው ከጀመረ ሰልፍ ይመስላል። የፊደል አኒሜሽን በአማርኛ ከዓረብኛ ይልቅ ቀላል ነው፤ ፊደላችን አይቀጣጠልም፣ እያንዳንዱም ለብቻው የሚቆም አንድ አካል ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሳይሳሳት ይለያቸዋል። ሦስቱ ፊደላት ከማይታይ መሸፈኛ ጀርባ በሦስት ሦስት ፍሬም ልዩነት ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ 12 ፍሬም ይወስዳል። በ52ኛው ፍሬም ሁሉም ቦታውን ይዟል። የቀሩት 48 ፍሬሞች፣ ወደ ሁለት ሰከንድ የሚጠጋው ጊዜ፣ ምንም አይንቀሳቀስባቸውም። ደንበኛ ብዙ ጊዜ ይህን ዝምታ «ባዶ ነው፣ አንድ ብልጭታ ጨምርበት» ይላል። ስሙ የሚነበበው ግን እዚያ ነው።

አሁን የሚበላሽባቸውን ቦታዎች እንይ። ከሁሉም የሚበዛው ሁሉንም ኪፍሬም በአንድ ጊዜ መርጦ F9 መጫን ነው። ኢዚ ኢዝ ማለት በእያንዳንዱ ኪፍሬም ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ይሁን ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ ኪፍሬሞቹ ሁሉ ነገሩ የሚቆምባቸው ወይም አቅጣጫ የሚቀይርባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ዜሮ ትክክል ነው፤ ወደ ላይ የተወረወረ ነገርም ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ይቆማል። አንድ ሰው ግን በ29ኛው ፍሬም ላይ፣ ለጥንቃቄ ብሎ፣ ተጨማሪ ኪፍሬም ቢያስቀምጥና F9 ቢጭነው ክቡ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ይንገጫገጫል። የሠራው ሰው «ኮምፒውተሬ ይዘገያል» ይላል። ኮምፒውተሩ ምንም አላደረገም። የፍጥነቱን ግራፍ ከፍቶ ማየት በቂ ነው፦ መስመሩ ነገሩ መቆም በሌለበት ቦታ ወለሉን ከነካ፣ ጥፋቱ እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ያን ኪፍሬም መሰረዝ ብቻ ይፈውሰዋል።

ሁለተኛው መልህቁ ነው፤ Anchor Point ይባላል። መጠን የሚያድገውና የሚሽከረከረው ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ የተሣለ ቅርጽ መልህቁ ብዙ ጊዜ በማያ ገጹ መሃል እንጂ በቅርጹ መሃል አይገኝም፤ ስለዚህ ክቡ ሲያድግ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ያድጋል። በዊንዶውስ Ctrl+Alt+Home ወደ ቅርጹ መሃል ይመልሰዋል። ጀበናው ራሱ ለብቻው እንዲዘል ከተፈለገ ግን መልህቁ መሃል ሳይሆን መቀመጫው ላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሲሰበሰብ መሬት ላይ የተቀመጠ ሳይሆን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ከቦታ ቦታ በሚሄድ ነገር ላይ ደግሞ ሌላ እንግዳ ጥፋት አለ። ሎጎው ቆሞ ይቆይ ብለህ ሁለት ተመሳሳይ የቦታ ኪፍሬሞች ታስቀምጣለህ፣ እሱ ግን በመካከላቸው ትንሽ ሄዶ ይመለሳል። ፍጥነቱን ብታስተካክል አይጠፋም፤ ምክንያቱም የጎበጠው ጊዜው ሳይሆን መንገዱ ነው። ሶፍትዌሩ ለቦታ ኪፍሬሞች መንገዱን በራሱ ያጎብጠዋል፤ የመንገዱን ዓይነት ወደ ቀጥታ መስመር ስትቀይረው ይቆማል። ቦታን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ፦ Separate Dimensions ካላደረግህ በስተቀር ግራፉ የቦታውን መስመር እንድትጎትት አይፈቅድልህም፣ ፍጥነቱን ብቻ ነው የሚሰጥህ። መጥለቁንና መዝለቁን እንደ አንድ መስመር ማየት የሚፈልግ ሰው አግድሙንና ቀጥታውን መለየት ይኖርበታል።

ቁጥሮቹ ግን ለሁሉም ሎጎ አይሆኑም። የጀበናው ሎጎ 10 ከመቶ መዝለቁ ደስ ይላል፤ ቡና ቤት ነው። የባንክ ሎጎ እንዲህ ቢነጥር ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ይከፋዋል። ለእንዲህ ያለው መዝለቁን እስከ 102 ማውረድ ወይም ጭራሽ ማስቀረት፣ ዝግጅቱን ደግሞ ከ6 ፍሬም ወደ 10 ማስረዘም ይሻላል፤ ከባድ ነገር ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፣ ሲያርፍ ግን አይነጥርም። ገደብም አለው። ዝግጅቱ ሁለት ፍሬም ብቻ ከሆነ ተመልካቹ የምስል ብልሽት ይመስለዋል። ከግማሽ ሰከንድ ካለፈ ደግሞ ሎጎው ሊመጣ ሳይሆን ሊጠፋ ነው ብሎ ያስባል።

በመጨረሻ ደንበኛው «የሁለት ሰከንድም አንድ ሥሩልኝ» ይላል፤ ይህ የማይቀር ነው። ፈጣኑ መንገድ ኪፍሬሞቹን ሁሉ መርጦ በግማሽ ማሳጠር ነው፤ ያኔ የ6 ፍሬሙ ዝግጅት ሦስት ይሆናል፣ ዝላዩም ሦስት፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ይልቁንም የሚቆረጠውን መምረጥ ነው። ባዶውን መጀመሪያ ከ10 ወደ 3 ፍሬም፣ ነጥቧን በ6ኛው ፍሬም ላይ፣ ዝግጅቱን ከ6 እስከ 11፣ ዝላዩን ከ12 እስከ 17። ወደ 97 የሚመለሰውን ትንሽ ንቅናቄ ጭራሽ እናውጣው፤ ክቡ ከ110 በቀጥታ ወደ 100 በ23ኛው ፍሬም ይርጋ። ፊደላቱ በ18ኛው ጀምረው በሁለት ሁለት ፍሬም ልዩነት ቢወጡና እያንዳንዳቸው 10 ፍሬም ቢወስዱ በ32 ይጨርሳሉ። 18 ፍሬም ለንባብ ይቀራል፤ ለሦስት ፊደል ስም ይበቃል። ስሙ «የኢትዮጵያ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ድርጅት ከሆነ ግን አይበቃም፤ ያኔ ፊደላቱን አንድ በአንድ ማስገባቱን ትቶ ስሙን እንዳለ በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው።